ላፕቶፕ ልገዛ ነው፤ ለ«ዋይፋይ 6ኢ» እና ለ«ብሉቱዝ 5.3» 9,000 ብር መጨመር ያዋጣኛል?

ቧንቧ_ውሃ_ኤዲቲንግ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነኝ። የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። ታናሽ ወንድሜ ይቀርጻል፣ እኔ እቆርጣለሁ።

ላፕቶፕ ልቀይር ነው። ፒያሳ ሁለት አማራጭ አገኘሁ። ፕሮሰሰሩ፣ ራሙ፣ ስክሪኑ አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ የመጀመሪያው ስፔክ ላይ `802.11ac, BT 5.0` ይላል፣ ሁለተኛው `Wi-Fi 6E, BT 5.3` ይላል። ሁለተኛው በ9,000 ብር ይበልጣል። ሻጩ «ኔትዎርኩ እጥፍ ይፈጥናል» ብሎኛል።

ቤት ያለው ኢንተርኔት 10 ሜጋ ፋይበር ነው። ለእሱ ብዙም አልጨነቅም። ያማረረኝ ሌላ ነው። ወንድሜ ከሰርግ ሲመለስ ካርዱን ሳሎን ባለው ዴስክቶፕ ላይ ይገለብጣል። አንድ ሰርግ 40 ጊጋ አካባቢ ነው። እሱን በዋይፋይ ወደ ላፕቶፔ ስስብ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ደግሞ በብሉቱዝ ሄድፎን ስሠራ ድምፁ ይቆራረጥብኛል፣ ከከንፈር ጋርም አይገጥምም።

9,000 ብሩ እነዚህን ይፈታልኛል?

---

የሐረጎ_ልጅ · ከምሽቱ 2፡31

ዓይንሽን ጨፍነሽ ሁለተኛውን ግዢ። ዋይፋይ 5 ጣሪያው 3.5 ጊጋ ነው፣ ዋይፋይ 6 ግን 9.6 ጊጋ ይደርሳል። ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ብሉቱዝም ከ5 ጀምሮ ፍጥነቱ እጥፍ፣ ርቀቱ አራት እጥፍ ሆኗል። 5.3 ደግሞ ከዚያ የተሻለ ነው። ሄድፎንሽ መቆራረጡን ያቆማል። ላፕቶፕ አራት አምስት ዓመት የምትይዢው ዕቃ ነው፣ በ9,000 ብር ወደኋላ አትበይ።

---

መስመር_ዘርጊ_ኮምቦልቻ · ከምሽቱ 3፡05

እህቴ፣ ገንዘቡን ከማውጣትሽ በፊት ሁለት ነገር ብቻ እይልኝ።

አንደኛ፣ ራውተሩን ገልብጪና ከሥሩ የተጻፈውን አንብቢ። ሞዴሉ ላይ AC1200 ይላል ወይስ AX የሚል ነገር? የኬብል ቀዳዳዎቹስ 10/100 ናቸው ወይስ 10/100/1000?

ሁለተኛ፣ አሁን ያለሽ ላፕቶፕ ላይ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ክፈቺና ይህን ጻፊ፦

```
netsh wlan show interfaces
```

የሚወጣውን እዚህ ለጥፊው። የዋይፋዩን ስምና የማክ አድራሻውን አጥፊ፣ ሌላው ይበቃኛል።

የሐረጎ ልጅ፣ ቁጥሮቹ በብዛት የሚጠቀሱት ናቸው። ግን 9.6 ጊጋ የሚገኘው ስምንት አንቴና በአንድ ላይ ሲሠራ፣ እጅግ ሰፊ ቻናል ተከፍቶ ነው። ላፕቶፕ ውስጥ ያለው አንቴና አንድ ወይም ሁለት ነው። ቤት ውስጥ ያ ቁጥር ፈጽሞ አይታይም።

---

ቦርከና_ዳር · ከምሽቱ 3፡20

እኔም ያው ችግር ነው ያለብኝ። ባለፈው ወር ዋይፋይ 6 ራውተር ገዛሁ፣ ስልኬም ዋይፋይ 6 ነው። ስፒድ ቴስት ሳደርግ በፊት 9 ነበር፣ አሁንም 9 ነው። ዕቃው ፎርጅድ ይሆን?

---

መስመር_ዘርጊ_ኮምቦልቻ · ከምሽቱ 3፡28

አብሽር ወንድሜ፣ ዕቃህ ጤነኛ ሳይሆን አይቀርም። የገዛኸው መስመር 10 ሜጋ ከሆነ በዋይፋይ 4ም 9 ታገኛለህ፣ በዋይፋይ 7ም 9 ታገኛለህ። ግቢህ የሚገባው የውሃ ቧንቧ ቀጭን ከሆነ የሳሎኑን ቧንቧ በወፍራም ብትቀይረው ውሃው አይበዛም። ያንተ ጥያቄ ስለ መስመሩ ነው። የእህታችን ግን ከዴስክቶፕ ወደ ላፕቶፕ ነው፣ ኢንተርኔቱን ጨርሶ አይነካም። እዚያ ላይ የዋይፋዩ ዓይነት የምር ለውጥ ያመጣል።

---

ቧንቧ_ውሃ_ኤዲቲንግ · ከምሽቱ 3፡52

ራውተሩ AC1200 ይላል። ቀዳዳዎቹ 10/100 ናቸው። ዴስክቶፑ በኬብል ከራውተሩ ጋር ተያይዟል። ላፕቶፑ ደግሞ ይህን አወጣ፦

```
Radio type             : 802.11n
Channel                : 6
Receive rate (Mbps)    : 72.2
Transmit rate (Mbps)   : 72.2
Signal                 : 84%
```

የገረመኝ `802.11n` ማለቱ ነው። ላፕቶፑ ካርቶን ላይ `ac` ይል ነበር።

---

መስመር_ዘርጊ_ኮምቦልቻ · ከምሽቱ 4፡15

ጥሩ፣ አሁን በሽታው ታየ። ቀስ ብዬ ልናገር።

`802.11n` ዋይፋይ 4 ነው። `ac` 5 ነው፣ `ax` 6 ነው። ቁጥሮቹን በ2018 ነው ያወጡላቸው፣ ሰው በፊደሎቹ እንዳይደናገር ብለው። ዋይፋይ 5 የሚሠራው በ5 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው። በ2.4 ስትገቢ ካርቶኑ `ac` ቢልም ላፕቶፑ ወደ `n` ይወርዳል። አንቺ ቻናል 6 ላይ ነሽ፣ እሱ የ2.4 ነው። ስለዚህ የገዛሽውን ዋይፋይ 5 እስካሁን አልተጠቀምሽበትም።

72.2 የሚለው ደግሞ አንድ አንቴና መሆኑን ይናገራል። ሁለት ቢሆን በዚያው ቻናል 144.4 ይልሽ ነበር። በተግባር የሚገኘው ከተጻፈው ግማሽ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው። 40 ሜጋ ቢት ገደማ በይው። ለስምንት ስታካፍይው 5 ሜጋ ባይት በሰከንድ ገደማ ነው። 40 ጊጋ በዚህ ፍጥነት ከሁለት ሰዓት በላይ ይሄዳል። ከነገርሽኝ ጋር ገጠመ።

አንድ ጥያቄ። ራውተሩ ሁለት ስም አያወጣም? አንዱ መጨረሻው ላይ `_5G` የሚል?

---

ቧንቧ_ውሃ_ኤዲቲንግ · ከምሽቱ 4፡22

ያወጣል! እኔ እሱ 5ጂ ስልክ ላላቸው ነው ብዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ነክቼው አላውቅም።

---

መምህርት_ሆጤ · ከምሽቱ 4፡30

እኔም እንደዚያው ነበር የማስበው። ተማሪዎቼም እንደዚያ ነው የሚሉት። ያ ስም ብዙ ሰው አሳስቷል።

---

መስመር_ዘርጊ_ኮምቦልቻ · ከምሽቱ 4፡41

በየቤቱ የማገኘው ይህንኑ ነው። እዚያ ላይ 5ጂ ማለት 5 ጊጋኸርዝ ማለት ነው። ከሞባይል ኔትዎርክ ጋር ምንም አያገናኘውም። እሱ ውስጥ ግቢና ያንኑ ትእዛዝ ድገሚ። `802.11ac` እና 433.3 አካባቢ ማየት አለብሽ።

አሁን ወደ 9,000 ብሩ። ዴስክቶፕሽ ራውተሩ ላይ የተሰካው በ100 ሜጋ ቀዳዳ ነው። በዚያ ቀዳዳ ከ11 ሜጋ ባይት ገደማ በላይ በሰከንድ አያልፍም። ስለዚህ አሮጌውን ላፕቶፕሽን 5 ጊጋኸርዝ ላይ ብታስገቢው ወደ 11 ይወጣል፣ 40 ጊጋው አንድ ሰዓት ገደማ ይሆናል። ዋይፋይ 6ኢ ላፕቶፑን ብትገዢም ያው 11 ነው፣ ያው አንድ ሰዓት ነው። ራውተርሽ ዋይፋይ 5 ስለሆነ አዲሱም ላፕቶፕ ከእሱ ጋር ሲነጋገር ወደ 5 ይወርዳል። «ኢ» የምትለዋ ፊደል የ6 ጊጋኸርዝን መስመር ነው የምትጨምረው። ያንን የሚያወጣ ራውተር ከሌለሽ ትርፏ የለም።

---

የሐረጎ_ልጅ · ከምሽቱ 4፡55

እሺ፣ ራውተሩን ረስቼው ነበር። ግን ነገ ራውተር ብትቀይርስ? ያኔ ላፕቶፑ ዝግጁ መሆኑ አይሻልም?

---

መስመር_ዘርጊ_ኮምቦልቻ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡40

እውነት አለህ፣ ያኔ ይጠቅማታል። ቢሆንም የብዙ ላፕቶፕ የዋይፋይ ካርድ ተነቃይ ነው። ብሎን ፈትተህ ትቀይረዋለህ። እኔ ለደንበኞቼ AX210 የሚባለውን ነው የማስገባው፣ 6ኢ ነው። AX211 እና AX201 ግን ተመሳሳይ ቢመስሉም የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው፣ ለእነሱ የተዘጋጀ ላፕቶፕ ካልሆነ አይሠሩም። አንዳንድ ስስ ላፕቶፕ ደግሞ ካርዱ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። ስለዚህ እህቴ፣ ሻጩን ከቁጥሩ ይልቅ «ካርዱ ይነቀላል ወይ? አንቴናው አንድ ነው ሁለት?» ብለሽ ጠይቂው። ስፔኩ ላይ `2x2` ከተጻፈ ሁለት ነው። ባለ ሁለት አንቴና ዋይፋይ 5፣ ባለ አንድ አንቴና ዋይፋይ 6ን ቤት ውስጥ ሲበልጠው አይቻለሁ።

ለቪዲዮው ግን እኔ ብሆን ዋይፋዩን እተወዋለሁ። ዴስክቶፑም ላፕቶፑም የኬብል ቀዳዳቸው ጊጋቢት ከሆነ አንድ ኬብል በቀጥታ ከአንዱ ወደ ሌላው ስኪ። በመሃል ራውተር አያስፈልግም። ለዴስክቶፑ 192.168.50.1፣ ለላፕቶፑ 192.168.50.2 ብለሽ በእጅሽ ስጪ፣ ማስኩ ለሁለቱም 255.255.255.0። ከዚያ ላፕቶፑ ላይ ፎልደር ከፍተሽ አድራሻው ቦታ `\\192.168.50.1` ጻፊ።

አንድ የሚያደናቅፍ ነገር አለ። ዊንዶውስ እንዲህ ያለውን ግንኙነት አላውቀውም ብሎ እንደ ሕዝብ ኔትዎርክ ይቆጥረውና ፎልደሩን ይዘጋብሻል። ዴስክቶፑ ላይ ፓወርሼልን በአድሚን ከፍተሽ ይህን ስጪው፦

```
Set-NetConnectionProfile -InterfaceAlias "Ethernet" -NetworkCategory Private
```

---

ፒያሳ_ማኪያቶ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡15

ልጆች፣ ጥሩ ነገር ነው የምታወሩት። እኔ ካፌ አለኝ። ከሰዓት በኋላ ሠላሳ አርባ ስልክ ዋይፋዩ ላይ ይገባል። በፊት ሁሉም ሰው ይጮህብኝ ነበር። ዋይፋይ 6 ራውተር ካስገባሁ ወዲህ ጸጥ ብለዋል። መስመሩን አልቀየርኩም። ስለዚህ ዋይፋይ 6 ጥቅም የለውም ማለት ልክ አይመስለኝም።

---

መስመር_ዘርጊ_ኮምቦልቻ · ረቡዕ፣ ቀን 6፡20

ጋሼ፣ ጥቅም የለውም አላልኩም። እንዲያውም ዋይፋይ 6 የተሠራው ለእርስዎ ካፌ ዓይነት ቦታ ነው። በፊት ራውተሩ በአብዛኛው በአንድ ጊዜ ከአንድ ስልክ ጋር ነበር የሚያወራው፣ ሌላው ተራ ይጠብቃል። በ6 አንዱን ቻናል ሸንሽኖ ለብዙ ስልክ በአንዴ ያድላል። አጫጭር የቴሌግራም መልእክት የሚልክ ሰው ብዙ በሆነበት ቦታ ይህ ይታወቃል።

ግን ሽንሸናው የሚሠራው ስልኩም ዋይፋይ 6 ሲሆን ነው። ከደንበኞችዎ ስልኮች ስንቱ 6 ነው? ብዙዎቹ ርካሽ ስልኮች ስፔካቸው `802.11 b/g/n` ብቻ ነው የሚለው። እነሱ 5 ጊጋኸርዝ እንኳ አያዩም። ለውጡ የመጣው ራውተሩ ራሱ ጠንካራ ስለሆነና ግማሹ ሰው ወደ 5 ጊጋኸርዝ ስለሄደ ይመስለኛል።

---

ፒያሳ_ማኪያቶ · ረቡዕ፣ ከሰዓት 8፡05

ሊሆን ይችላል። እኔ ግን የድሮው ራውተርም 5 ነበረው፣ ሰውም ይገባበት ነበር። በዓይኔ ያየሁትን ነው የምናገረው።

---

መስመር_ዘርጊ_ኮምቦልቻ · ረቡዕ፣ ከሰዓት 8፡30

እንግዲያው ልዩነቱ ከየት እንደመጣ በቦታው ሆኖ ሳይለኩ መናገር ይከብደኛል። ደሴ ስወጣ መጥቼ አያለሁ፣ ቡናውንም እጠጣለሁ።

---

መምህርት_ሆጤ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡10

ብሉቱዙን ረሳችሁት። እኔ በኦንላይን አስጠናለሁ። ሄድፎኔ 5.3 ነው፣ ላፕቶፔም 5.2 ነው። ሙዚቃ ስሰማ ደስ ይላል። ዙም ስከፍትና ማይኩ ሲበራ ግን ድምፁ ወዲያው ይበላሻል፣ እንደ ድሮ ስልክ ይሆናል። ቁጥሩ ትልቅ ሆኖ ለምን?

---

የሐረጎ_ልጅ · ከምሽቱ 1፡25

ርካሽ ሄድፎን ይሆናል መምህርት። ኦሪጅናል ቢሆን 5.3 እንደዚያ አያደርግም።

---

መስመር_ዘርጊ_ኮምቦልቻ · ከምሽቱ 2፡00

ኦሪጅናሉም ያደርገዋል። ብሉቱዝ ውስጥ ሁለት ቤት አለ በሉ። አንዱ የድሮው ነው፣ ሌላው ጉልበት ቆጣቢው ነው፣ በ2010 ከ4.0 ጋር የመጣው። ሰዓት፣ የልብ ምት መለኪያ፣ ማውዝ በቆጣቢው ይሠራሉ። «ፍጥነቱ እጥፍ፣ ርቀቱ አራት እጥፍ» የተባለው ለእሱ ነው፣ ያውም ሁለቱ በአንድ ላይ አይገኙም፣ ርቀት ስትጨምር ፍጥነት ትቀንሳለህ። ሙዚቃ ግን ዛሬም በአብዛኛው ሄድፎን ላይ የሚሄደው በድሮው ቤት ነው። እዚያ 5.0 ሆነ 5.3 ለጆሮ ለውጥ የለውም። የሙዚቃውን ጥራት የሚወስነው ኮዴኩ ነው፤ ኤስቢሲ፣ ኤኤሲ ወይም ኤልዳክ።

ማይክ ሲበራ የድሮው ቤት ድምፅን በሁለት አቅጣጫ በጥራት መሸከም ስለማይችል ወደ ስልክ ጥሪ ዘዴ ይወርዳል። መምህርት የሰሙት እሱን ነው። መፍትሔው የላፕቶፑን የራሱን ማይክ መምረጥና ሄድፎኑን ለመስማት ብቻ መተው ነው። ዙም ሴቲንግ ውስጥ ማይኩን ለይተው ይቀይሩት።

ይህን የሚፈታው ኤልኢ ኦዲዮ የሚባለው ነው። መሠረቱ በ5.2 ተጣለ። ግን ሳጥን ላይ 5.2 ወይም 5.3 መጻፉ ኤልኢ ኦዲዮ አለው ማለት አይደለም። የግድ አይደለም፣ አምራቹ ሊተወው ይችላል። ሄድፎኑም፣ ካርዱም፣ ድራይቨሩም፣ ዊንዶውሱም ሁሉም መደገፍ አለባቸው። ሣጥኑ ላይ በስሙ `LE Audio` ተብሎ ካልተጻፈ የለም ብላችሁ ቁጠሩ።

---

ቧንቧ_ውሃ_ኤዲቲንግ · ከምሽቱ 2፡18

የእኔ መቆራረጥስ? የሚገርመው ሁልጊዜ አይደለም። ቪዲዮ ኮፒ እያደረግኩ ስሰማ ነው የሚብሰው። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ስሰካም ይብሳል።

---

መስመር_ዘርጊ_ኮምቦልቻ · ከምሽቱ 2፡40

ሁለቱንም ራስሽ መለስሽው። ብሉቱዝ የሚሠራው እዚያው 2.4 ላይ ነው። ዋይፋይሽም በ2.4 ሙሉ ኃይሉን እየጎተተ ነበር። ሁለቱ በአንድ ካርድ ላይ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ አንቴና ነው የሚጋሩት፣ ተራ እየተሰጣጡ። ብሉቱዝ ተራው ሲዘገይ ድምፁ ይቆረጣል። ወደ 5 ጊጋኸርዝ ስትሄጂ ይሄኛው ይቀንሳል።

ሃርድ ዲስኩ ደግሞ ዩኤስቢ 3 ነው፣ አይደል? ዩኤስቢ 3 ሲሠራ 2.4 ላይ የሚያርፍ ጫጫታ ይረጫል። በተለይ ኬብሉ ሽፋኑ ደካማ ከሆነ። ዲስኩን ከላፕቶፑ ትንሽ አርቂው፣ በሌላኛው ጎን ስኪው።

ከከንፈር ጋር አለመግጠሙ ግን ከሁሉም የተለየ ነው። የብሉቱዝ ድምፅ ከመሰማቱ በፊት ይጠራቀማል፣ ሩብ ሰከንድ ሊዘገይም ይችላል። ዩቲዩብ ምስሉን አብሮ ስለሚያዘገይልሽ አታስተውይውም። የኤዲቲንግ ፕሮግራም ሁልጊዜ እንደዚያ አያደርግም። ለመቁረጥ ሥራ ባለ ሽቦ ሄድፎን ያዢ። ለዚህ 5.3 መልስ አይደለም።

---

ቧንቧ_ውሃ_ኤዲቲንግ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡30

ሞክሬ መጣሁ። እንደሠራሁት ልንገራችሁ።

መጀመሪያ `_5G` የሚለው ውስጥ ገባሁ። `802.11ac`፣ 433.3 አለኝ። ኮፒው ከ4.6 ወደ 11.2 ሜጋ ባይት ወጣ። ልክ እንደተባለው። ሄድፎኑም ከዚያ ወዲህ አልተቆራረጠም፣ ዲስኩን አጠገቡ ካላስጠጋሁት በስተቀር።

ከዚያ ኬብሉን ሞከርኩ። ቤት ውስጥ የቆየ ኬብል ነበር። ፎልደሩ መጀመሪያ አልከፈት አለኝ፣ ያቺን የፓወርሼል መስመር ስሰጠው ተከፈተ። ግን ፍጥነቱ እዚህም 11 ሆነ! ተስፋ ቆረጥኩ። በኋላ ጫፉን አተኩሬ ሳየው ፕላስቲኩ ውስጥ አራት ገመድ ብቻ ነው ያለው፣ አራቱ ባዶ ናቸው። ፒያሳ ወርጄ ስምንቱም የታሰረ አዲስ ኬብል ገዛሁ። 96 ሜጋ ባይት ገባ። 40 ጊጋው በሰባት ደቂቃ አለቀ። ወንድሜ «ተሳስተሽ ግማሹን ነው የገለበጥሽው» ብሎ ፋይሎቹን ቆጠራቸው።

---

መስመር_ዘርጊ_ኮምቦልቻ · ከምሽቱ 3፡48

ጎበዝ! የኬብሉን ነገር ልነግርሽ ይገባ ነበር፣ ዘነጋሁት። ጊጋቢት ስምንቱንም ገመድ ይፈልጋል። በአራት ገመድ ወደ 100 ይወርዳል እንጂ አይቆምም፣ ለዚህ ነው ሰው የማያውቀው። 96 ላይ ያቆመሽ የዴስክቶፑ ሃርድ ዲስክ ራሱ ይሆናል።

---

ቧንቧ_ውሃ_ኤዲቲንግ · ከምሽቱ 4፡02

አንድ ነገር ግን ቀረኝ። መኝታ ቤቴ ከሳሎኑ በሁለት የድንጋይ ግድግዳ ይለያል፣ የአያቴ ቤት ስለሆነ ወፍራም ነው። እዚያ ስገባ `_5G` የሚለው ይጠፋል ወይም 30 ምናምን ይላል። 2.4ቱ ግን ይደርሳል። ዋይፋይ 6 ላፕቶፕ እዚያ ይረዳኛል?

---

መስመር_ዘርጊ_ኮምቦልቻ · ከምሽቱ 4፡20

ዋይፋይ 6 በ2.4ም ስለሚሠራ ዋይፋይ 6 ራውተር ጨምረሽ ብትገዢ በዚያ ክፍል ትንሽ ይሻላል። ድንጋዩን ግን ምንም ቁጥር አያሳልፈውም። 6 ጊጋኸርዝማ ከ5ም ይብሳል። እኔ ብሆን ከራውተሩ ኬብል ስቤ መኝታ ቤቱ ውስጥ ሁለተኛ ትንሽ ራውተር አስቀምጣለሁ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው? ኮርኒስ ካለው ኬብሉን በላይ ማሳለፍ ይቻላል።

---

ቧንቧ_ውሃ_ኤዲቲንግ · ከምሽቱ 4፡27

ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ አለው። ሰኞ ወንድሜን ጣሪያ ላይ አወጣዋለሁ። ላፕቶፑን የመጀመሪያውን ነው የምወስደው፣ ካርዱ እንደሚነቀል ሻጩ ከፍቶ አሳይቶኛል። `2x2` ይሁን አይሁን ግን እሱም አያውቅም።

---

የሐረጎ_ልጅ · ከምሽቱ 4፡40

ሱቁ ውስጥ ያችን ትእዛዝ ጻፊበት። የሱቁ ዋይፋይ 2.4 ከሆነና 144 ካለሽ ሁለት ነው። 72 ካለ ደግሞ…

---

መስመር_ዘርጊ_ኮምቦልቻ · ከምሽቱ 4፡44

ራውተሩ ራሱ ባለ አንድ አንቴና ከሆነም 72 ሊል ይችላል። ስለዚህ 144 ካለ እርግጠኛ ሁኚ፤ 72 ካለ ግን ወዲያው ሳትወስኚ የካርዱን ስም ከዲቫይስ ማኔጀር ላይ ፎቶ አንሥተሽ እዚህ ላኪልኝ።